ድራማው እስኪያልቅ

ማርች 7፣ ዓርብ

ዛሬ ዋርሳዬ፣ የባሌ ታላቅ ወንድም ጋሼ ጁንግቴ፣ ከኢንቾን ድንገት ከች አለ። ሳይደውል ከመጣ ነገር አለ ማለት ነው። እኔ የደንበኛ ፀጉር እየቀባሁ ስለነበር ከሱቁ መውጣት አልቻልኩም፤ ግን ፀጉር ቤቱንና ሳሎናችንን የሚለየው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። እናቱን ሲያናግር ደግሞ ይጮሃል። የእማማ ጆሮ ከኔ ጆሮ እንደሚሻል እስካሁን አልገባውም።

"እማዬ፣ ክፍልሽ ተዘጋጅቷል። ቀለም ተቀብቷል፣ ሊፍት አለ፣ መስኮቱ መናፈሻውን ያያል። እዚህ ጉንሳን ምን ትሠሪያለሽ?"

"ምራቴ አለች እንጂ።"

"እሷማ ገና ወጣት ናት! ጁንግሆ ከሞተ ስንት ጊዜው ነው? እስከመቼ የሞተ ባሏን እናት ስትጦር ትኑር? የበኩር ልጅ በሕይወት እያለ! ሰው ምን ይለኛል?"

ወጣት መባሌ ደስ ብሎኝ ነበር። ሃምሳ ሊሞላኝ ተቃርቧል። የቀረውን ስሰማ ግን ብሩሹ ከእጄ ወድቆ የሴትዮዋን ካባ አበላሸ።

እማማ "ድራማው ሳያልቅ የትም አልሄድም" አሉ።

"የምን ድራማ?"

"ነገ የሚጀምረው፣ «የጨው መጋዘን»። ከምራቴ ጋር ልናየው ተቀጣጥረናል።"

ጋሼ ሳቀ። ለካ ድራማው ዛሬ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ በኢንተርኔት አስራ ስድስቱም ክፍል በአንድ ጊዜ ተለቋል። በቴሌቪዥን ደግሞ ቅዳሜ አንድ፣ እሑድ አንድ እያለ ነው የሚታየው። እዚያው ስልኩን አውጥቶ የራሱን አካውንት በቴሌቪዥናችን ላይ ከፈተና "ይኸው! ነገና ከነገ ወዲያ ቁጭ ብላችሁ ጨርሱት። ሰኞ የዕቃ መኪና ይዤ እመጣለሁ" አለ።

"አስራ ስድስት ሰዓት ቁጭ ልበል? ቂጤ የተውሶ መሰለህ?" አሉ እማማ። "እኔ በሰዓቱ፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት ሰዓት ነው የማየው።"

"ሁለት ወር ይፈጃል እኮ!"

"ይፍጀዋ።"

መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ "ሚራን፣ አንቺ ምን ትያለሽ?" አለኝ። እኔ ፈሪዋ "እንደ እማማ ፈቃድ" አልኩ። በቃ፣ ድራማው ሲያልቅ ይሄዳሉ ተባለ። እማማም ቃሌ ነው አሉ።

ለኔ ብለው አይደለም። ድራማ ይወዳሉ።

ማርች 8፣ ቅዳሜ

ክፍል አንድ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ። የገብስ ሻይ፣ እንጆሪ፣ ብርድ ልብስ። እማማ ጥርሳቸውን ታጥበው፣ ካልሲያቸውን ቀይረው ነው የተቀመጡት።

ታሪኩ ሶዳን ስለምትባል የጨው ማሳ ልጅ ነው። እናቷ ማን እንደሆነች አታውቅም። እኔና እማማ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አውቀናል፤ ያቺ ሀብታሟ የጨው ነጋዴ ናት። መሃል ላይ "ከስልሳ ሰከንድ በኋላ እንመለሳለን" ብሎ ማስታወቂያ ሲገባ እማማ የታመመ ጉልበታቸውን ይዘው ተጣድፈው ሽንት ቤት ሄዱ፤ እኔ ስልኬ ላይ ሕዝቡ በቀጥታ የሚጽፈውን አነበብኩላቸው። አንዱ "የሰውዬው ዊግ ከሰውዬው በላይ ይተውናል" ብሎ ጽፏል። እማማ ሽንት ቤት ሆነው ሲስቁ ተሰማኝ።

መጨረሻ ላይ የነገው ቅንጭብ መጣ። ሶዳን ባሕር ውስጥ ስትገባ ያሳያል።

"ሞተች!" አሉ እማማ።

"በሁለተኛው ክፍል ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ትሞታለች እማማ?"

"ይሄ ቅንጭብ ሲዋሽ እኮ ነው ደስ የሚለው" ብለው ተኙ።

ማርች 10፣ ሰኞ

አጠገባችን ወጥና የኮመጠጠ የጎመን ኪምቺ የምትሸጠው ዎልሱክ ዓይኗ ቲማቲም መስሎ መጣች። ቅዳሜና እሑድ ሳትተኛ አስራ ስድስቱንም ጨርሳዋለች። መግቢያ ዘፈኑን እየዘለለች፣ ነገር የተንዛዛበት ቦታ ላይ እያፈጠነች፣ እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። አሁን የምታወራው ሰው አጥታ ሆዷ ሊፈነዳ ነው።

"እንዴት ነበር?" አልኳት።

"ጥሩ ነው። ግን ያ ሐኪሙ... ኡፍ! አልናገርም። አልናገርም አልኩ! ሐኪሙን ግን አትመኑት።"

"ዎልሱክ!"

"ምን አልኩ? ምንም አላልኩም።"

የሚገርመው ዛሬ ከመጡት ደንበኞች አንዷ ክፍል ስድስት ላይ ናት፣ አንዷ ጨርሳለች፣ አንዷ ሰው ሁሉ ጨርሶ ካወራለት በኋላ ልትጀምር ነው። ድሮ ሰኞ ሰኞ ፀጉር ቤቴ ገበያ ነበር፤ ሁሉም ያየው ያው የትናንቱን ነውና ሲጮህ ይውላል። ዛሬ አንዷ አፏን ስትከፍት ሌላዋ ጆሮዋን ትይዛለች። ፀጥታው ለቀብር ይበቃ ነበር።

እማማ የተመልካች ቁጥሩን ጠየቁኝ። ጠዋት ጠዋት ይወጣል። ዝቅተኛ ነው። "በኢንተርኔት ስላዩት ነው" ብላቸው ተቀየሙ። "እኛ የማናየው ይመስል" አሉ።

ማርች 16፣ እሑድ

አራተኛው ታየ። ሶዳን ሳትከፍት የያዘችው፣ ሳምንቱን ሙሉ ስንከራከርበት የነበረው ደብዳቤ ባዶ ወረቀት ሆኖ ተገኘ! እማማ ማክሰኞ ድንች እየላጡ፣ ሐሙስ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ቆመው የሰጡት ግምት ሁሉ ውድቅ። አላፈሩም። አዲስ ግምት ጀመሩ።

የሚገርመው ድራማው የሚታየው በሳምንት ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ እኛ ቤት የሚቆየው ግን ሳምንቱን ሙሉ ነው። ጁንግሆ ከሞተ ወዲህ እንዲህ በምግብ ላይ የተንጫጫንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ማርች 23፣ እሑድ

ስድስተኛው። ዛሬ እማማ ሲተኙ የኢንተርኔቱን ከፍቼ የመጨረሻውን ክፍል አየሁ። አላየሁትም! ርዝመቱን ብቻ። ከሌሎቹ ሃያ ደቂቃ ይበልጣል። ደስ አለኝ።

ሃያ ደቂቃ ምኔ ነው? እኔ እንጃ።

ማርች 29፣ ቅዳሜ

ድራማው የለም! የእግር ኳስ ግጥሚያ ስላለ ዛሬ ተሰርዟል፤ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ይገፋል። ዎልሱክ "አበዳችሁ እንዴ? ኢንተርኔቱ ላይ ተቀምጦላችሁ!" አለችን።

እማማ ኳስ አይተው አያውቁም። ዛሬ ግን እስከ መጨረሻው አዩ። "ጥሩ ጨዋታ ነው። በየሳምንቱ ቢኖር ምን ነበረበት?" አሉ።

ለአንዲት ደንበኛ ግንባሯ ላይ ያለውን ፀጉር በነፃ ከረከምኩላት። ምን እንደነካኝ አላውቅም።

ኤፕሪል 6፣ እሑድ

ዘጠኝ። ሐኪሙ ከሃዲ ነው። ዎልሱክ ታንቃ ትሙት። እማማ ግን "እኔ ከመጀመሪያው ቅንድቡን አልወደድኩትም" ብለው ሁሉን ለራሳቸው አደረጉት።

ጋሼ ደወለ። "ስንተኛው ላይ ናችሁ?" ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ሰላምታውን ትቶታል። አልጋ ገዝቷል።

ኤፕሪል 14፣ ሰኞ

ትናንት አስራ አንደኛው ታየ፤ ሶዳንና እናቷ ፊት ለፊት ተገናኙና እናትየው "አላውቅሽም" አለቻት። እማማ እንጆሪያቸውን ሳይበሉት መልሰው አስቀመጡ። እኔም።

ዛሬ ፎጣ ላሰጣ ወደ ጓሮ ስወጣ እማማ በአጥሩ ላይ ከዎልሱክ ጋር ሲያወሩ ሰማሁ። "ድራማው ቶሎ ቢያልቅና ብሄድ ነው የሚሻለኝ" ይሏታል። "ለሷም ለኔም። ገና የሰው ዓይን የሚገባ መልክ አላት፤ እኔን ተሸክማ ታርጅ? ልጄ ቤት ይሻለኛል።"

"ለሷም" ያሉት ለወጉ ነው፤ እዚህ ከተማ ሰው ሲሄድ ለሌላው ብሎ ነው የሚሄደው፣ ለራሴ ብዬ ነው የሚል የለም። ሐቁ "ልጄ ቤት ይሻለኛል" ነው። ይሻላቸዋላ! ሊፍት አለ፣ መናፈሻ አለ፣ የሥጋ ልጅ አለ። እኔ ምናቸው ነኝ? ጁንግሆ ነበር የሚያገናኘን፤ እሱ የለም።

ከወር በላይ በየሳምንቱ የያዝኳቸው እኔ ሆኜ ተገኘሁ እንዴ? ሴትዮዋ ምራታቸውን ላለማስቀየም ብርድ ልብስ ውስጥ ሲቀመጡ!

እራት ላይ ዓሣው ለምን ጨው በዛበት አሉኝ። ሳህኑን ከፊታቸው አንሥቼ ወሰድኩት። ባለጌ ነኝ።

ኤፕሪል 18፣ ዓርብ

ነገርኳቸው። ሳህን እያጠብኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ። "እማማ፣ የቀረው አምስት ክፍል ነው። ጋሼም እየጠበቀ ነው። ለምን ነገና እሑድ በኢንተርኔት አንጨርሰውም?"

እማማ መጥተው ቧንቧውን ዘጉት።

"ደከመሽ እንዴ ልጄ?"

"ኧረ እኔ ምን ይደክመኛል። ለእርስዎ ብዬ ነው።"

"እንግዲያው እንጨርሰዋ" አሉ። ድምፃቸው ቀዝቃዛ ነበር። እኔ ደግሞ ይኸው፣ ቸኩለዋል አልኩ በልቤ።

ኤፕሪል 19፣ ቅዳሜ

ሱቁ በር ላይ "ዛሬ ዝግ ነን" ለጠፍኩ። ከጁንግሆ ቀብር ወዲህ ቅዳሜ ዘግቼ አላውቅም።

አስራ ሁለት። መግቢያ ዘፈኑ ሲጀምር "ዝለል" የሚል ጽሑፍ መጣ። እማማ ያንን ዘፈን ይወዱታል፤ አብረው ያንጎራጉራሉ። ሪሞቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዘለልኩት። የጀመሩትን ማንጎራጎር አቋረጡ።

ማስታወቂያ የለም። ሽንት ቤት ለመሄድ ማስቆም አለብን፤ አቁሚ ማለት ከብዷቸው ይዘው ተቀመጡ። ቅንጭብም የለም። ሶዳን መኪና ሲገጫት ገና "ውይ" ሳንል ጥግ ላይ ቀጣዩን ክፍል ለመጀመር ቁጥር ይቆጥራል፤ አምስት፣ አራት፣ ሦስት... ሆስፒታል ውስጥ ነቅታለች። የምንጨነቅበት ሳምንት የት ሄደ?

አስራ ሦስት። የፓኬት ፓስታ፣ ራምዮን በላን። እማማ አንቀላፉ። ሲነቁ "ይሄ ሰውዬ አልሞተም እንዴ?" አሉ። ይሄ ወንድሙ ነው አልኳቸው። "ወንድም ነበረው?" አሁን ተኝተው ሳሉ መጣ አልኩ።

አስራ አራት። በየክፍሉ ሁሉም ሰው ያንኑ ማስታወቂያ የመሰለ የጂንሰንግ ሥር መጠጥ ከቦርሳው እያወጣ ይጠጣል። በየሳምንቱ ስናየው አልታየንም ነበር። ለሞት ያጣጣረችው እንኳ ጠጣች። ሌላ ቀን ቢሆን እንሞት ነበር በሳቅ።

አልሳቅንም። ወገቤን አመመኝ። እማማ ስለ ታሪኩ አንድም ግምት አልሰጡም።

ኤፕሪል 20፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ይሄን መጻፍ ያሳፍራል። ይጻፍ ግን።

ጠዋት አስራ አምስተኛውን ከፈትን። እናትየው ጨው ማሳው ላይ ተንበርክካ ሶዳንን ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ሶዳን መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ክፍሉ አለቀ። ከጥጉ ያ ቁጥር መጣ። የመጨረሻው ክፍል፣ አምስት፣ አራት።

እማማ ሪሞቱን ከእጄ ነጠቁ። የሆነ ነገር ተጫኑ፤ ድምፁ ጨመረ። ሌላ ተጫኑ፤ ሁሉም ነገር በቻይንኛ ሆነ። ሁለት፣ አንድ። የመጨረሻው ክፍል ጀመረ፣ ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። እማማ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ተነሥተው ወደ ግድግዳው ሄዱና ሶኬቱን ነቀሉት።

"አልሄድም" አሉ፣ ገመዱን እንደያዙ።

"የት እማማ?"

"ኢንቾን ነዋ! ሊፍቱን ይሳፈርበት! ደክሞሽ ከሆነ ደክሞኛል በይኝ፤ ዝም ብለሽ ዘፈኔን አትዝለዪብኝ!"

"ማነው የደከመው? እርስዎ አይደሉም እንዴ ለዎልሱክ ልጄ ቤት ይሻለኛል ያሏት?"

"ለዎልሱክ ያልኩትን ነው ያመንሽው?" ዓይናቸው ፈጠጠ። "ለዚያች ወንፊት አፍ? ምራቴን ትቼ መሄድ አልፈልግም ብላት ሳይመሽ ኢንቾን አይደርስም? ልጄ ምን ሊሰማው ነው?"

"ታዲያ ለኔ ለምን አልነገሩኝም?"

ያኔ ድምፃቸው ወረደ። "በምን አፌ? የባልሽ እናት ነኝ እንጂ ያንቺ አይደለሁም። ባልሽ የለም። አስቀምጪኝ ብል እምቢ ማለት አትችይም። እምቢ ማለት የማይችልን ሰው ይለምኗል?"

"እኔስ በምን አፌ ይቅሩ ልበል? የበኩር ልጅዎ እያለ! ማን ነኝ?"

"ማን ነኝ ትላለች እንዴ!" ብለው ገመዱን ወረወሩት። "ከወር በላይ በቀን አንድ ክፍል እየቆነጠርኩ የጠበቅኩት ለዚያች ለጨው ነጋዴዋ መሰለሽ? ሰነፍ ድራማ! እናቷ ማን እንደሆነች እኮ በአሥር ደቂቃ ነው ያወቅነው!"

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አለቀስን፤ እኔ ባስኩ። እማማ ፀጉሬን እየዳበሱ "ራስሽ ፀጉር ሠሪ ሆነሽ ጫፉ ተሰነጣጥቋል" አሉኝ።

ኤፕሪል 20፣ ማታ

ደወልን። ስልኩን መጀመሪያ እማማ ያዙት፤ ግን "ልጄ፣ ነገሩ ምን መሰለህ፣ ጉልበቴ..." እያሉ ሲያንዛዙ ነጠቅኳቸው።

"ጋሼ፣ እማማን አልሰጥም" አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ።

"ምን አልሽ?"

"እዚሁ ይቆያሉ። እኔ ጋ። ስለምፈልጋቸው ነው፣ ግዴታ ሆኖብኝ አይደለም። አንተ በፈለግክ ጊዜ ና፣ ቤትህ ነው።"

"የሰው አፍስ ሚራን? የበኩር ልጅ እናቱን ለወንድሙ ሚስት ጥሎ ሄደ ሲባል?"

"የሰውን አፍ ለኔ ተወው" አልኩት። "ፀጉር ቤት ያለኝ እኔ ነኝ።"

ከዚያ አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁ። "እሷ ራሷ ትፈልጋለች?" አለ። እማማ ከጎኔ ሆነው "ትፈልጋለች! ትፈልጋለች!" ብለው ጮኹ፤ አሁን ጯኺዋ እሳቸው ሆኑ። ጋሼ ሲስቅ ያው የጁንግሆን ሳቅ ነው የሚስቀው። እስከዛሬ አላስተዋልኩም ነበር።

አልጋውን ይመልሰዋል። ይመለስለት እንደሆነ።

ኤፕሪል 26፣ ቅዳሜ

ወደ ቴሌቪዥኑ ሰዓት ተመልሰናል። ትናንሽ ልጆች ሆነናል፤ ያየነውን ክፍል እንዳላየን ሆነን፣ ማስታወቂያ ሲገባ "አሁን ምን ታደርጋለች?" እየተባባልን ነው የምናየው። መግቢያ ዘፈኑን ሁለታችንም ዘፈንን። የጂንሰንግ መጠጡ በወጣ ቁጥር ማን ቀድሞ እንደሚያየው እንወራረዳለን፤ እማማ ያጭበረብራሉ።

ሰኞ ለደንበኞቼ ሕግ አወጣለሁ፤ በዚህ ቤት የሚወራው ትናንት በቴሌቪዥን የታየው ብቻ ነው፣ ከዚያ ያለፈች ፀጉሯ በግማሽ ተቀብቶ ትሄዳለች።

ሜይ 3፣ ቅዳሜ

የመጨረሻው ክፍል። በዚያ ኳስ ምክንያት ቅዳሜ ላይ ዋለ። ጋሼ ጁንግቴ ዓሣ ይዞ መጣ። ዎልሱክም በባሕር አረም የተጠቀለለ ሩዝ ሠርታ መጣች፤ አፏን ይዛ እንድትቀመጥ አስምለናታል።

ችግር የሆነው ጋሼ ነው። ለካ እናቱን ለማሳመን ብሎ እሱም በአንድ ቅዳሜና እሑድ ጨርሶታል! "አሁን እዩ፣ አሁን እዩ!" ሲል እማማ በትራስ መቱት።

ሶዳን እናቷን ይቅር አለቻት፣ ሐኪሙ ታሰረ፣ ሁሉም ተጋባ። ሐኪሙ ብቻ ነው ያላገባው። እማማ "ይቺን ነው የጠበቅነው?" አሉ። ደስ ብሏቸዋል ግን፤ እንጆሪውን ጨረሱት።

ስሞቹ እያለፉ ሳለ ጋሼ ጎሮሮውን ጠራረገ። "እሺ ለመኖር አትምጪ። ለጥየቃ እንኳ መቼ ትመጫለሽ እማዬ? መናፈሻው አብቧል።"

እማማ ወደ ስክሪኑ ጠቆሙ። ስክሪኑ ላይ ቅዳሜ የሚጀምረው አዲስ ድራማ ቅንጭብ እየታየ ነበር። አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ ሦስት ሴት ልጆች፣ የጠፋ ኑዛዜ።

"ይሄ ሲያልቅ" አሉ።

"ስንት ክፍል ነው?"

ስልኬ ላይ አየሁ። "ሃምሳ።"

ጋሼ ወዲያው ስልኩን አወጣና በኢንተርኔቱ በአንድ ጊዜ ተለቆ እንደሆነ ይፈልግ ጀመር። ዎልሱክ በትከሻው ላይ አጮልቃ "አትልፋ" አለችው፣ "ገና እየጻፉት ነው።"

"ይጻፉ" አሉ እማማ፣ ብርድ ልብሱን እኔ ላይ እየሳቡ። "ማን አስቸኮላቸው።"